ሠርጉን ጓዳ ውስጥ ጨረስነው

«ሰላም ቤተሰብ። 25 ደቂቃ የሚሆን ፊልም ጽፌያለሁ። 11 ቦታ ይፈልጋል። 100 ሰው ያለበት ለቅሶ አለው፣ ጣርማበር ላይ የሚገለበጥ አይሱዙም አለው። ያለን ብር 70 ሺህ፣ ቀናችን አምስት ነው። ታሪኩን ሳልገድል ምን ልቁረጥ?»

ወንድሜ፣ እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ሆኜ የጻፍኩት ስክሪፕት ከአቅሜ በላይ ነበር። መንዝ ውስጥ በሠርጓ ቀን የምትጠፋ ልጅ ታሪክ ነው። ሙሽራው በ12 ፈረስ ታጅቦ ይመጣል። ዳሱ ውስጥ 80 ሰው ይበላል። ልጅቷ ሾልካ ደብረ ሲና ገበያ ትደርስና ድሪዋን ትሸጣለች፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ሸዋ ሮቢት ትወርዳለች። ዘጠኝ ቦታ! በእጃችን ያለው 60 ሺህ ብር ነበር።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ገጽ መቁረጥ ነው። 28 ገጽ የነበረውን 19 አደረስኩት። ወጪው ግን ፈቀቅ አላለም፣ ምክንያቱም ቦታው አሁንም ዘጠኝ ነው። አንድ ቤት ውስጥ አምስት ገጽ ንግግር በአንድ ቀን ያልቃል። ገበያ ላይ ያለች ግማሽ ገጽ ግን ቀኑን ሙሉ ትበላለች። ዕቃ መጠቅለል፣ መጫን፣ መንገድ፣ እንደገና መዘርጋት አለ። በዚያ ላይ ካሜራ ያየ ሕፃን ሁሉ ከፊትህ ይሰለፋል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሲን በየብጣሽ ወረቀት ጻፍኩና ከሥሩ አንድ ጥያቄ መለስኩ፦ ከዚህ ሲን በኋላ ተመልካቹ አዲስ የሚያውቀው ምንድን ነው? የገበያው መልስ «ልጅቷ ገንዘብ የላትም» ሆነ። የአውቶቡሱ «ቆርጣለች»። የድግሱ ደግሞ «ሰው ሁሉ እየጠበቃት ነው»። ሦስቱም ጓዳ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ድሪዋን ለወጥ ሠሪዋ ትሰጣታለች፣ ወጥ ሠሪዋም የጓሮውን በር ትከፍትላታለች። ገበያውና አውቶቡሱ በዚህች አንዲት ሲን ተተኩ። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ይሻላል።

80ው ሰው ድምፅ ሆነ። የዘመድ ሠርግ ላይ አስፈቅደን ከበሮውን፣ እልልታውንና ጭብጨባውን ቀዳን። ጓዳ ውስጥ የቀሩት ስድስት ሴቶች ናቸው። ባዶ መሶብ የያዘ እጅ ይገባል፣ ሙሉ ይዞ ይወጣል። ከ12ቱ ፈረስ የተረፈው አንድ ነው፣ እሱም በበሩ ስንጥቅ እግሩ ብቻ ይታያል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በሁለተኛው ረቂቅ አክስቷ ገብታ «አቤት የሰዉ ብዛት! ፈረሱ ብቻ 12 ነው» ትላለች። ተዋንያኑ ድምፃቸውን አውጥተው ሲያነቡት ሳቁብኝ። ገጸ ባሕሪው አብሮት ላለው ሰው ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር የሚነግረው ከሆነ፣ የቆረጥከው ነገር በአፍ በኩል ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው። መስመሩን አውጥቼ «ወጡ አይበቃም፣ ውሃ ጨምሪበት» በሚል ተካሁት። ተመልካቹ ሰዉን ራሱ ይቆጥረዋል።

ሁሉን ነገር አንድ ቤት ውስጥ ስትከት ቤቱን በጆሮህ ምረጠው። የመጀመሪያው ቤታችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ዝናብ መጣና ከሰዓቱን ሙሉ አንድ ንግግር እንኳ ሳንቀዳ ቀረን። በማግሥቱ የድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን ወዳለው ቤት ዞርን። ዝናቡም የደጋው ነፋስም እዚያ አልረበሸንም። መስኮት ስለሌለው ደግሞ ሌሊቱን በቀን ቀረጽነው።

ግን ሁሉም ጓዳ ውስጥ ከሆነ ቲያትር ቲያትር ይላል። እኛ ቤት ውስጥ በመቅረጽ ያጠራቀምነውን ብር አንድ የውጭ ሾት ላይ አወጣነው። ልጅቷ ንጋት ላይ ብቻዋን ገደሉ አፋፍ ስትሄድ፣ ያለ ንግግር፣ 40 ሰከንድ። ለዚህ ሁለት ጠዋት ጠበቅን።

ወዳንተው ልምጣ። ለቅሶው 12 ሰው ይበቃዋል፣ ጠበብ አድርገህ ከያዝከው። ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀመጥ ማን መሆኑ አይለይም። ቦታ እያቀያየርክ ደግመህ አስቀምጣቸው። ድንኳንና አግዳሚ የሰፈር እድር ያከራይሃል። ከድንኳኑ ውጭ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» የሚሉ ድምፆች አንድ በአንድ ይቅረቡ።

አይሱዙውን አትገልብጠው። ጣርማበር መንገድ ላይ መኪና እያለፈ እንዲህ ያለ ነገር መሞከር ሰው ያስጨርሳል። ረዳቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ የሹፌሩን ጋቢ ይዞ፣ የሚስቲቱ በር ላይ ዝም ብሎ ይቁም። ሴትየዋ ጋቢውን ታውቀዋለች። መኪናውን ለአንድ ጠዋት ብቻ ተከራየው። ጭጋጉ ውስጥ ሲገባ ከሩቅ፣ ከመንገድ ወጣ ብለህ ቅረጸው። ሲወጣ አታሳየን።