«አብራራ» ተብሎ ግራፍ ሲላክ ምን ይደረጋል? ጥያቄና መልስ

ተማሪ፦ መምህራችን የሦስቱን የሕዝብ ቆጠራዎች ባር ግራፍ በቴሌግራም ላከልንና «አብራሩ» ብቻ አለ። ያየሁትን ልጻፍ ወይስ ትርጉሙን?

መልስ፦ መጀመሪያ ምን እየተማራችሁ እንደሆነ አስብ። ትምህርቱ የግራፍ አነባበብ ከሆነ ያየኸውን ጻፍ። ስለ ሕዝብ ዕድገት ከሆነ ትርጉሙን ይፈልጋል። ግልጽ ካልሆነልህ ጠይቀው። መልስ ካላገኘህ በመግለጫው ጀምር፦ «ግራፉ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተቆጠረውን የኢትዮጵያ ሕዝብ ያሳያል፤ 42.6፣ 53.5 እና 73.8 ሚሊዮን»። ከዚያ አንድ የትርጉም ዓረፍተ ነገር ጨምር። «ዕድገቱ እየፈጠነ ሄዷል» ብለህ ለመጻፍ ግን አትቸኩል። ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለህ።

ሌላ ተሳታፊ፦ ማብራራት ማለት ምክንያቱን መናገር ነው። መግለጽማ ምን ይሠራል? ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው፤ ባሮቹን አንድ በአንድ መቁጠር ብቻውን ማብራሪያ አይሆንም። ግን ይህ ግራፍ ምክንያት የሚባል ነገር የለውም። ወሊድ ይጨምር፣ ሞት ይቀንስ፣ ከሦስት ባር ላይ አይታይም። ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል ያልከውንም እንፈትሸው። የግራፉ የቁም መስመር የሚጀምረው ከዜሮ አይደለም፣ ከ30 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ባር ከመጀመሪያው ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ ረዝሞ ይታያል። ቁጥሩ ግን ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ይህን አስተውሎ መናገር መግለጽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚሁ ላይ ነው።

በድርጅት የምትሠራ፦ አለቃዬ ይህንኑ ግራፍ ለሪፖርት ልትጠቀምበት ነው። «አብራሪልኝ» አለችኝ እንጂ አረጋግጪልኝ አላለችኝም። ቁጥር መፈተሽ የእኔ ሥራ ነው?

መልስ፦ ሪፖርት ላይ የሚገባ ከሆነ አዎ። ሁሉንም ፈትሺ አልልሽም፤ መደምደሚያው የቆመበትን ቁጥር ብቻ። ከግራፉ ሥር «የሕዝብ ዕድገት ፈጥኗል» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ እሱን ነው የምንይዘው።

ከባሮቹ ብቻ ከተነሣን ጭማሪው መጀመሪያ 26 በመቶ ገደማ፣ ቀጥሎ 38 በመቶ ነው። የፈጠነ ይመስላል። ግን ባሮቹ እኩል ተራርቀው ቢሣሉም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቆጠራዎች መካከል ያለው ጊዜ አሥር ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም። በቀጣዮቹ መካከል ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ያልፋል። ወደ ዓመት ስናወርደው 2.2 በመቶ እና 2.6 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ ጠበበ፤ ፍጥነቱ ግን አሁንም አለ።

ዋናው ነገር ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የ1976ቱ 42.6 ሚሊዮን ኤርትራንም ይጨምራል። ኤርትራ በ1985 ነፃ አገር ስለሆነች፣ የኋለኞቹ ሁለት ቆጠራዎች እሷን አያካትቱም። ኤርትራን ስናወጣ የ1976ቱ ቁጥር ወደ 39.9 ሚሊዮን ይወርዳል። ያኔ የመጀመሪያው ጊዜ ዓመታዊ ዕድገት 2.9 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ ቀጣዩ 2.6። «ፈጥኗል» የሚለው ተገለበጠ! ሦስቱም ቁጥሮች ከቆጠራው የወጡ ናቸው፤ የተሳሳተው ማነጻጸሩ ነው። ለአለቃሽ ይህን በሁለት መስመር ጻፊላት፤ ስሌቱን ከጠየቀችሽ ታሳዪያታለሽ።

እናት፦ እኔ ደግሞ የልጄን የክብደት ካርድ ለነርሷ «አስረጂኝ» ብዬ ሰጠኋት። «ደህና ነው» ብላ መለሰችልኝ። ይሄ ማብራሪያ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ ትርጉም ፍለጋ ነው፤ ነርሷም ትርጉሙን ነግራዎታለች። በጣም አሳጠረችው እንጂ። በሚቀጥለው ሲሄዱ የልጁ መስመር ካርዱ ላይ ከታተሙት መስመሮች ጋር አብሮ እየወጣ እንደሆነ ይጠይቋት። ከአንድ ነጥብ ይልቅ የወራቱ አካሄድ ይበልጣል። መስመሩ ጋደም ካለ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ ሳይውሉ ሳያድሩ ያሳዩ።

ተማሪ፦ ባሮቹ ላይ ቁጥር ባይጻፍስ ኖሮ?

መልስ፦ «ከ50 ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ይላል» በል። ከምስል በዓይን ገምተህ «53.5» ብለህ አትጻፍ፤ ያልለካኸውን የለካህ ያስመስልብሃል።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ የ1976ቱ ቆጠራ በጦርነት ምክንያት ያልደረሰባቸው ቦታዎች በግምት የተሞሉ ናቸው። ታዲያ ከ2.9 ወደ 2.6 «ቀንሷል» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ «ፈጥኗል ለማለት ማስረጃ የለም» እስከሚለው ድረስ ነው የምሄደው። «ቀንሷል» የሚለውን የሚደግፉ ባልደረቦች አሉኝ፤ በዚህ ላይ እስካሁን አልተስማማንም።