ሁለተኛ ለወጣችው ተወዳዳሪ ምን ብዬ ልጻፍ?

«የአንድ አስመጪ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሥራ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ለጁኒየር አካውንታንት ቦታ ፈትነን አንዷ ልጅ ሁለተኛ ወጣች። ጎበዝ ናት፤ የተግባር ፈተናው ላይ ግን የባንክ ማስታረቂያው አልሆነላትም። አለቃዬ ‹ደብዳቤ ጻፊላት› አለኝ። ሳላስከፋት እንዴት ልበላት?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሪ፤ ልጅቷ ተጠባባቂ ናት ወይስ አይደለችም? አንደኛ የወጣው ሰው ውል ሳይፈርም «አልተመረጡም» ብለሽ ከላክሽ፣ እሱ ሲቀር መልሰሽ ልትደውይላት ነው። ተጠባባቂ ከሆነች እስከ መቼ እንደምትቆይ ጭምር ንገሪያት። አንዳንድ መሥሪያ ቤት የተመረጠው ሰው የሙከራ ጊዜውን እስኪጨርስ ተጠባባቂ ይይዛል። የሙከራ ጊዜ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሄድ ይችላል። ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ሰው ማስጠበቅ ግፍ ነው።

ተጠባባቂ ካልሆነች እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«ውድ ወ/ሪት …፣ ለጁኒየር አካውንታንት ቦታ ስለተወዳደሩ እናመሰግናለን። ለቦታው ሌላ ተወዳዳሪ መርጠናል። በቃለ መጠይቁ ላይ የደመወዝ ግብር አሠራርን ያስረዱት በጣም ግልጽ አድርገው ነበር። ውጤትዎን ዝቅ ያደረገው የባንክ ማስታረቂያው ነው። ያልተመነዘሩት ቼኮች ከባንኩ ቀሪ ሂሳብ መቀነስ ሲገባቸው ተደምረዋል። ማስታረቂያ በየወሩ የምንሠራው ስለሆነ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጥተነዋል። በሂሳብ ክፍላችን ሌላ ክፍት ቦታ ስናወጣ እንደገና ቢያመለክቱ ደስ ይለናል።»

ውሳኔው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መምጣቱን ልብ በይ። ምስጋናውን ካስረዘምሽው ልጅቷ «አለፍኩ» ብላ ታነባለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዜና ያማል። ደብዳቤው የሚሰጠው ምክንያት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ፈተና ወረቀቷ ላይ ያለ፣ ልምምድ ብታደርግ የሚስተካከል። «የሥራ ልምድ ስለሌለዎት» እንዳትይ። ማስታወቂያው ላይ «0 ዓመት» ብላችሁ ከሆነ «ታዲያ ለምን ጠራችሁኝ?» ማለቷ አይቀርም፤ እውነቷን ነው። «ከእርስዎ የተሻለ አገኘን»ም አያስፈልግም። ስለ ሌላው ሰው መስማቷ ምንም አይጠቅማትም።

«እንደገና ያመልክቱ» የሚለውን ለሁሉም አትላኪ። አለቃሽን «በሚቀጥለው ብትመጣ በደስታ እንፈትናታለን ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱ አዎ ካልሆነ አረፍተ ነገሩን አውጪው፤ በባዶ ተስፋ ሌላ ዙር ትራንስፖርትና ፎቶ ኮፒ አታስወጫት። አዎ ካለ ግን ውጤቷን ከማመልከቻዋ ጋር አያይዘሽ ፋይል አድርጊው፤ ቦታው ሲወጣ ራስሽ ደውለሽ ንገሪያት።