ክፍት ዑደቱ ያልተረጋጋ ፕላንት ላይ የናይክዊስትን ዙር መቁጠር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የምህንድስና ተማሪ)፦ መምህር፣ ሙቀት አመንጪ ሬአክተርን L(s) = K/((s−1)(0.1s+1)²) ብዬ ሞዴል አድርጌዋለሁ፤ ጊዜው በደቂቃ ነው። K=4 ሲሆን ኩርባው −1ን ይከብባል። እንግዲህ ሥርዓቱ አይረጋጋም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እዚህ ላይ መረጋጋቱ የሚገኘው በመክበቡ ነው። ሬአክተሩ ያለ ቁጥጥር ሲተው ሙቀቱ ራሱን እያባባሰ ስለሚሄድ፣ s=1 ላይ አንድ የቀኝ አጋማሽ ፖል አለው፤ ስለዚህ P=1 ነው። የዝግ ዑደቱ ያልተረጋጉ ፖሎች ብዛት Z = P + N ነው፤ N የሚቆጠረው በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረውን በመደመር፣ በተቃራኒው የሚዞረውን በመቀነስ ነው። Z ዜሮ እንዲሆን ኩርባው −1ን አንድ ጊዜ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ መክበብ አለበት።

ዙሩን በዓይን ከመገመት ይልቅ ከ−1 ተነሥቶ ወደ ግራ የሚሄድ ቀጥታ መስመር ማስመርና ኩርባው የሚሻገርበትን አቅጣጫ መመልከት ይሻላል። ፍሪኩዌንሲው ዜሮ ሲሆን ኩርባው −4 ላይ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው ከኔጌቲቭ ወደ ፖዚቲቭ ሲያልፍ ኩርባው በዚያ ነጥብ ከላይ ወደ ታች ይሻገራል። ከዚያ በታችኛው አጋማሽ ይጓዝና ω=8.94 ራዲያን በደቂቃ ላይ እውናዊውን መስመር እንደገና ያቋርጣል፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው −0.25 አካባቢ፣ ማለትም ከ−1 በስተቀኝ ስለሆነ በቆጠራው አይገባም። በግራ በኩል ወደ ታች የሚሻገር አንድ ብቻ ነውና N=−1፣ Z=0 ይሆናል። ማረጋገጥ ከፈለጉ፦

```
s = tf('s');
L = 4/((s-1)*(0.1*s+1)^2);
nyquist(L)
pole(feedback(L,1))
```

የአብዛኛው ተማሪ ስሕተት የኔጌቲቭ ፍሪኩዌንሲውን ግማሽ ሳይሥሉ መቁጠር ነው፤ ያኔ ግማሽ ዙር ብቻ ይታያል፤ ግማሽ ዙር ደግሞ በዚህ ቀመር ውስጥ ትርጉም የለውም።

ጥያቄ (የፋብሪካ ቴክኒሺያን)፦ እኛ መወዛወዝ ሲጀምር ጌይን እናወርዳለን፤ ሁሌም ይሠራል። ጌይን መቀነስ ያረጋጋል ማለት ትክክል አይደለም?

መልስ፦ በግማሽ ትክክል ነዎት። ሁለቱ መሻገሪያዎች −K እና −K/16.2 ላይ ስለሚገኙ፣ −1 በመካከላቸው የሚቀረው K ከ1 በላይና ከ16.2 በታች ሲሆን ብቻ ነው። K=20 ቢሆን ውስጠኛው መሻገሪያ ወደ −1.23 ይወጣል፤ በእርሱም በኩል ኩርባው ሁለት ጊዜ ከታች ወደ ላይ ስለሚያልፍ N=+1፣ Z=2 ይሆናል፤ እዚህ ላይ የእርስዎ ልማድ ያድናል። K=0.8 ከሆነ ግን ኩርባው −1 ላይ አይደርስም፤ N=0 ስለሆነ Z=1 ነው። ማቀዝቀዣው የሚያወጣው ሙቀት ሬአክተሩ ከሚጨምረው ያነሰ ሆኗል ማለት ነው።

የትኛው ጠርዝ እንደተጣሰ ከመዝገቡ ይለያል። በላይኛው ጠርዝ ሙቀቱ በ42 ሰከንድ አካባቢ እየተመላለሰ ይወዛወዛል፤ በታችኛው ጠርዝ ግን ሳይወዛወዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሸሻል። ሽሽቱን አይቶ ጌይን ማውረድ ነገሩን ያባብሳል። የማቀዝቀዣው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲቆምም ውጤታማው ጌይን ይወርዳል፤ ኩርባው ይህን አይነግርዎትም፤ በወረቀት ላይ ትልቅ ማርጂን ያለው ሥርዓት በትልቅ ረብሻ የሚሸሸውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ሞተር 1/s አለው፤ ኩርባው ወደ ማለቂያ የለሽ ይሄዳል። እኔም P=1 ልበል?

መልስ፦ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። የእርስዎ ፖል በምናባዊው መስመር ላይ እንጂ በቀኝ አጋማሽ አይደለም፤ መንገዱ በትንሽ ግማሽ ክብ በስተቀኝ ከዞረው P=0 ነው፤ ኩርባው ደግሞ በሰዓት አቅጣጫ በሚዞር ትልቅ ግማሽ ክብ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ኮንትሮለሩ ላይ (s−1) ጨምሬ ፖሉን ብሰርዘው P=0 ሆኖ ቆጠራው አይቀልም?

መልስ፦ ኩርባው ይቀላል፤ ሬአክተሩ ግን ያው ነው። ፖሉ ከL ቢጠፋም በፕላንቱ ውስጥ ይቀራል፤ በመግቢያው ላይ የሚደርስ ትንሽ ረብሻ ያስነሣዋል፤ መውጫው እያደገ ሲሄድም ኮንትሮለሩ ያንን ፖል ማረጋጋት አይችልም። P ሁልጊዜ ከመሰረዙ በፊት ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ሞዴል ከሌለኝና ፍሪኩዌንሲ ምላሹን ለክቼ ከሆነ P ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ያልተረጋጋ ፕላንት ብቻውን ሊለካ ስለማይችል መለኪያው የሚደረገው በሚያረጋጋ ዑደት ውስጥ ነው። ዑደቱ በእርግጥ ተረጋግቶ ከነበረ Z=0 ስለሆነ፣ ከተለካው L ላይ የሚቆጠሩት የተቃራኒ ዙሮች ራሳቸው Pን ይሰጡዎታል። አስቸጋሪው በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ክፍል ነው፤ ወሳኙ የ−K መሻገሪያ የሚገኘው እዚያ ሲሆን፣ ልኬቱ በጣም ረጅም ጊዜ የሚወስደውና የጥሬ ዕቃው መለዋወጥ የሚያበላሸውም እዚያው ነው። ምን ያህል ዝቅ ብሎ መለካት እንደሚበቃ ለሁሉም የሚሆን ቁጥር ልሰጥዎ አልችልም፤ ተመሳሳይ ሬአክተር ላይ የለካ አባል ካለ ልምዱን ቢጽፍልን መልካም ነው።