አንድን የኦዲት ግኝት እንደገና ስለመጻፍ፦ ለጀማሪ ኦዲተሮች

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

ለግምገማ ከሚቀርቡልኝ ረቂቅ ሪፖርቶች ብዙዎቹን ለእርማት የምመልሳቸው የምርመራው ሥራ ጎድሎ ስላገኘሁት አይደለም። ናሙናው ተመርምሯል፣ ሰነዱ ታይቷል፣ የሥራ ወረቀቱም ተሟልቷል፤ ነገር ግን ጸሐፊው ያየውን፣ የገመተውን፣ የሚሰጋበትንና እንዲደረግ የሚፈልገውን በአንድ ትንፋሽ ስለሚጽፈው አንባቢው የትኛው በማስረጃ የቆመ፣ የትኛው ደግሞ የኦዲተሩ አስተያየት እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ አንድ ግኝት ብቻ ወስጄ እንዴት እንደማርመው ላሳያችሁ።

ረቂቁ እንዲህ ይላል እንበል፦ «የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኞች በቸልተኝነት የአቅራቢዎችን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሳያረጋግጡ ይቀይራሉ። ይህም የሆነው በቂ ቁጥጥር ባለመኖሩ ሲሆን ድርጅቱን ለከፍተኛ ማጭበርበር አጋልጦታል። ስለዚህ የሥራ ኃላፊዎች ጥብቅ ቁጥጥር ሊያደርጉ ይገባል።»

የተነሣው ጉዳይ ቀላል አይደለም። አጭበርባሪዎች በአቅራቢ ስም «የባንክ ሒሳባችን ስለተቀየረ ክፍያውን ወደ አዲሱ ላኩ» የሚል ኢሜይል መላካቸው የታወቀ ስልት ነው። መከላከያውም ለውጡን ከመመዝገብ በፊት ቀድሞ በፋይል በተያዘው ስልክ ቁጥር ለአቅራቢው ደውሎ መጠየቅ ነው። በኢሜይሉ ላይ በሰፈረው ቁጥር መደወል ግን ከንቱ ነው፤ ስልኩን የሚያነሣው ራሱ አጭበርባሪው ሊሆን ይችላልና። ረቂቁ ይህን ሁሉ ቁም ነገር ይዞ ሳለ ኃላፊው የሚያነበው «በቸልተኝነት» የሚለውን ቃል ብቻ ይሆናል፤ ምላሹም ሠራተኞቹን መከላከል ይሆናል።

ስለዚህ አስቀድሜ ያንን ቃል እሰርዛለሁ። የሰውን ልብ የሚያሳይ የሥራ ወረቀት እስካሁን አላየሁም። ቀጥዬ «ሳያረጋግጡ» በሚለው ላይ እቆማለሁ። ኦዲተሩ በእርግጥ ያየው ምንድን ነው? ያየው የስልክ ማረጋገጫው ያልተሞላበትን ቅጽ ነው። ሠራተኛው ደውሎ ሳይመዘግብ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል «አልተረጋገጠም» ማለት ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው። «ይቀይራሉ» የሚለውም ሁልጊዜ እንደዚያ እንደሚደረግ ያስመስላል። በእነዚህ ፋንታ መስፈርቱን፣ ጊዜውንና ቁጥሩን አስገባለሁ፦ «የድርጅቱ መመሪያ ማንኛውም የአቅራቢ የባንክ ሒሳብ ለውጥ ከመመዝገቡ በፊት በነባሩ ስልክ ቁጥር ተደውሎ እንዲረጋገጥና ይኸው በቅጹ ላይ እንዲሰፍር ያዛል። ኦዲቱ በሸፈናቸው ስድስት ወራት ከተደረጉት 212 ለውጦች 40ው በዕጣ ተመርጠው ሲመረመሩ በ11ዱ ላይ ማረጋገጫው ስለመደረጉ የሚያስረዳ ማስረጃ አልተገኘም።» ናሙናው የተመረጠው በዕጣ ሳይሆን ኦዲተሩ አጠራጣሪ የመሰሉትን ለይቶ ከሆነም እንደዚያው መጻፍ አለበት፤ አለዚያ አንባቢው ከ212ቱ ሩብ ያህሉ ጉድለት አለበት ብሎ ያሰላል።

ብዙ ጊዜ የሚወስደኝ ግን ምክንያቱ ነው። «በቂ ቁጥጥር ባለመኖሩ» የሚለው ሐረግ ያንኑ ጉድለት በሌላ ቃል ይደግመዋል እንጂ ለምን እንደተፈጠረ አይናገርም። ምክንያትን ለማግኘት 11ዱን ጉድለት ያለባቸውን ለውጦች ጉድለት ካልተገኘባቸው 29 ለውጦች ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ይጠቅማል፤ ማን መዘገባቸው፣ መቼ ተመዘገቡ፣ ማን አጸደቃቸው? በምሳሌያችን ከ11ዱ 9ኙ የተመዘገቡት አጽዳቂው ሠራተኛ ፈቃድ ላይ በነበረበት ወቅት ሆኖ ተገኘ እንበል። በዚያ ጊዜ ተተኪ በጽሑፍ አልተወከለም፤ የሒሳብ ሶፍትዌሩም ለውጡን የመዘገበው ሰው ራሱ እንዲያጸድቀው ይፈቅዳል። አሁን የሚጻፍ ምክንያት ተገኘ። የቀሩት 2ቱስ? ለእነርሱ ምክንያት ካልተገኘ «በ2ቱ ላይ ምክንያቱን መለየት አልተቻለም» ብሎ ማስፈር እንጂ ወደ 9ኙ ማጠጋጋት አይገባም። «የሥልጠና እጥረት» የሚለውን ምክንያትም እጠረጥራለሁ፤ ያው ሠራተኛ በሌሎቹ ሳምንታት ቅጹን በትክክል ሞልቶ ከተገኘ አሠራሩን ያውቀዋል ማለት ነው።

ስጋቱን በተመለከተ «አጋልጦታል» እና «ከፍተኛ ማጭበርበር» የሚሉት ቃላት የደረሰውንና ሊደርስ የሚችለውን ያደባልቃሉ። የደረሰ ነገር መኖሩን ለማወቅ ኦዲተሩ ራሱ 11ዱን አቅራቢዎች ቀድሞ በፋይል በነበረው አድራሻ መጠየቅ ይችላል። ሁሉም ሒሳቡ የእኛ ነው ካሉ ያ በግልጽ ይጻፍ፦ «11ዱም አቅራቢዎች ሒሳቦቹ የራሳቸው መሆናቸውን ለኦዲቱ አረጋግጠዋል፤ ከ11ዱ በ7ቱ በኩል ክፍያ የተፈጸመ ሲሆን ወደ ሌላ ሰው የሄደ ገንዘብ አልተገኘም። ሆኖም አንድ ሰው ለውጡን መዝግቦ ራሱ ማጽደቅ እስከቻለ ድረስ በሐሰተኛ ጥያቄ የተቀየረ ሒሳብ ሳይታወቅ ክፍያ ሊገባበት ይችላል፤ ድርጅቱም ያንኑ ዕዳ ለእውነተኛው አቅራቢ በድጋሚ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል።» ወጣቶች ጉዳት አልተገኘም ብሎ መጻፍ ግኝቱን ያረክሰዋል ብለው ይፈራሉ። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ኃላፊው «የጠፋ ገንዘብ አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱም ከሪፖርቱ ውጭ በቃል ይሰጣል።

የማሻሻያ ሐሳቡ የምክንያቱ መፈተኛ ነው። «ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግ» ወይም «ማረጋገጫው ይደረግ» የሚል ሐሳብ ስታዩ ጸሐፊው ምክንያቱን እንዳላገኘ ገምቱ፤ ጉድለቱን ገልብጦ ነው የጻፈው። ምክንያቱ ከታወቀ ግን ሐሳቡ ከእርሱ ይቀዳል፦ «የፋይናንስ ኃላፊው አጽዳቂው በማይኖርበት ጊዜ የሚተካውን ሠራተኛ በጽሑፍ ይወክል፤ መዝጋቢው የራሱን ለውጥ ማጽደቅ እንዳይችል የሶፍትዌሩ የፈቃድ ወሰን እንዲስተካከል ያድርግ፤ በናሙናው ያልተካተቱት 172 ለውጦችም ቀጣይ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይረጋገጡ።» ክፍሉ ሁለት ሠራተኞች ብቻ ያሉት ከሆነ መዝጋቢንና አጽዳቂን ሁልጊዜ መለየት አይቻል ይሆናል፤ ያኔ ከክፍሉ ውጭ ያለ ኃላፊ የለውጦቹን ዝርዝር በየሳምንቱ እንዲያይ ማድረግ ተቀባይነት ያለው አማራጭ ነው። የትኛውን እንደሚመርጥና እስከ መቼ እንደሚፈጽም ግን ኃላፊው በምላሹ ይጻፍ፤ አሠራሩን ኦዲተሩ ራሱ ከነደፈው ነገ የራሱን ሥራ ሊመረምር ነው።

በመጨረሻም ረቂቁ ከመውጣቱ በፊት ከኃላፊው ጋር ተነጋገሩበት። ለሦስቱ ለውጦች የተሞላ ቅጽ በሌላ ፋይል ውስጥ ተገኘ ቢላችሁ ተቀበሉት፤ ነገር ግን በቅጹ ላይ ያለውን ቀን ሶፍትዌሩ ለውጡን ከመዘገበበት ቀን ጋር አስተያዩ፤ ቅጹ ከኦዲቱ ጥያቄ በኋላ የተሞላ ሊሆን ይችላልና። ቀኑ ትክክል ከሆነ 11 የነበረው 8 ይሆናል። ያኔ የጉድለቱን ቁጥር ብቻ አርማችሁ እንዳትተዉት፤ ከ8ቱ ስንቱ አጽዳቂው በሌለበት ሳምንት እንደተመዘገበና በስንቱ በኩል ክፍያ እንደተፈጸመ እንደገና ቁጠሩ፤ ምክንያቱ የቆመው በእነዚያ ቁጥሮች ላይ ነውና።