ለ3.00 ስንት ይበቃኛል? ቀመሩን ከሥሩ እናውጣው

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ማራኪ ካምፓስ የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። ሲጂፒኤዬ 2.84 ነው። 96 ክሬዲት ጨርሻለሁ፣ 32 ይቀረኛል። ፒያሳ ተለጥፈው የማያቸው የባንክ ማስታወቂያዎች 3.00 እና ከዚያ በላይ ይላሉ። ሳሰላው በቀሪው 3.16 ካመጣሁ የሚበቃኝ መሰለኝ። ጓደኛዬ ግን አይበቃህም ይለኛል። የማንኛችን ነው ልክ? ቀመር ካለው ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።»

ጓደኛህ ልክ ነው። 3.16 ብታመጣ የምትመረቀው በ2.92 ነው።

3.16 ከየት እንደመጣ ይገባኛል። 2.84 እና 3.16 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 3.00 ይሆናሉ። ግን ለሁለት ማካፈል የሚሠራው ሁለቱ ወገኖች እኩል ክብደት ሲኖራቸው ብቻ ነው። ያንተ አንደኛው ወገን 96 ክሬዲት ነው፣ ሌላኛው 32። ያለፈው የሚመጣውን ሦስት እጥፍ ይመዝናል። ይህን ስህተት ከብዙ ተመራቂ ተማሪዎች እሰማለሁ፤ የሚያሳዝነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው የመጨረሻው ግሬድ ሪፖርት ሲወጣ ነው።

ሬጅስትራር ሲጂፒኤ የሚያወጣው በአማካይ ላይ አማካይ እየወሰደ አይደለም። የእያንዳንዱን ኮርስ ግሬድ በክሬዲቱ ያባዛል። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ቢ ፕላስ ካለህ 3.5 በ3 ተባዝቶ 10.5 ነጥብ ይሆናል። ሁሉንም ነጥብ ይደምርና ለጠቅላላ ክሬዲቱ ያካፍለዋል። ቀመራችንም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

ስሞቹን እንስጣቸው። አሁን ያለህ አማካይ a ይሁን፣ የጨረስከው ክሬዲት m፣ የቀረህ n፣ የምትፈልገው ሲጂፒኤ t፣ በቀሪው ማምጣት ያለብህ አማካይ ደግሞ x። እስካሁን የሰበሰብከው ነጥብ m·a ነው። ወደፊት የምትሰበስበው n·x። ሁለቱ ሲደመሩ፣ በምረቃ ቀን ሊኖርህ ከሚገባው ነጥብ ጋር እኩል መሆን አለባቸው፦

```
m·a + n·x = t·(m + n)
```

x ብቻውን እንዲቀር m·aን ወደ ቀኝ አሻግረው፦

```
n·x = t·m + t·n − m·a
n·x = t·n + m·(t − a)
```

ሁለተኛው መስመር ላይ t·m እና m·a የጋራ የሆነውን mን አውጥተንላቸዋል። አሁን ሁለቱንም ወገን ለn አካፍል፦

```
x = t + (m/n)·(t − a)
```

ብዙ ሰው ከመጀመሪያው መስመር ቀጥታ ወደ ማስላት ይሄዳል፤ መልሱ ያው ነው። እኔ ግን ይህን የመጨረሻውን ቅርጽ አጥብቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክፍል ትርጉም አለው። (t − a) በያንዳንዱ ያለፈ ክሬዲት ላይ የጎደለህ ነው፤ ያንተ 0.16። በ96 ሲባዛ 15.36 ነጥብ ይሆናል። ይህ ዕዳህ ነው። ቀሪዎቹ 32 ክሬዲቶች መጀመሪያ ለራሳቸው 3.00 ማምጣት አለባቸው። ከዚያ በላይ ዕዳውን ይካፈሉታል፤ 15.36 ለ32 ሲካፈል 0.48 ይደርሳቸዋል። ስለዚህ፦

```
x = 3.00 + (96/32)·(3.00 − 2.84) = 3.00 + 3·0.16 = 3.48
```

እናረጋግጥ። 96 በ2.84 ሲባዛ 272.64 ነው። 32 በ3.48 ሲባዛ 111.36። ድምሩ 384፣ ለ128 ሲካፈል ልክ 3.00። ወረቀትህ ላይ ያለው 2.84 ግን ተጠጋግቶ የተጻፈ ነው። ግሬድ ሪፖርቱ ላይ ጠቅላላ ነጥቡ ካለ m·aን በእሱ ተካው፤ በጥቂት ነጥብ ለሚወሰን ነገር ትክክለኛው ቁጥር ይሻላል።

3.48 ማለት በተግባር ሁሉም ኮርስ ላይ ቢ ፕላስ ማለት ነው። ይህ 112 ነጥብ ይሰጥሃል፤ ከሚፈለገው የሚተርፈው 0.64 ብቻ ነው። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ ብታገኝ 4.5 ነጥብ ታጣለህ። ያንን ለመመለስ ሦስት ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶች ላይ ኤ ያስፈልግሃል። ስለዚህ ጉልበትህን የምታፈሰው በምትወደው ኮርስ ላይ ኤ ለማስቆጠር ሳይሆን፣ በምትፈራው ኮርስ ላይ ሲ እንዳይመጣ ነው። በፓስና ፌይል ብቻ የሚመዘን ኮርስ ካለህ ደግሞ nን ስትቆጥር አታስገባው። ነጥብ አይሰጥም፣ ክብደትም የለውም።

ከሁሉ በላይ እንድታየው የምፈልገው m/nን ነው። ዛሬ 3 ነው። 32ቱ ክሬዲት በሁለት ሴሚስተር እኩል ተከፍሎ፣ በመጀመሪያው 3.25 መጣልህ እንበል። መጥፎ ውጤት አይደለም። 16 በ3.25 ሲባዛ 52 ነጥብ ነው። አማካይህ ወደ 2.90 ገደማ ይወጣል፣ ጉድለቱም ወደ 0.10 ገደማ ይወርዳል። ግን አሁን m 112 ሆኗል፣ n ደግሞ 16 ቀርቷል፤ m/n ወደ 7 ዘሏል። ከ111.36 ላይ 52 ሲቀነስ 59.36 ይቀራል፣ ለ16 ሲካፈል 3.71። ማለትም በመጨረሻው ሴሚስተር ኤ ማይነስ አካባቢ መዋል አለብህ። ጉድለትህ እያነሰ፣ የሚጠበቅብህ ግን ይጨምራል። «ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ እበረታለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ቀመሩንም በየሴሚስተሩ መጨረሻ በአዲሶቹ m፣ n እና a እንደገና ሥራው።

x ከ4.00 በላይ ከወጣ ግቡ አይደረስም ማለት ነው። ለምሳሌ 3.25 ብትመኝ፦

```
x = 3.25 + 3·(3.25 − 2.84) = 4.48
```

ሁሉንም ኤ ብታመጣ እንኳ የምትደርሰው 3.13 ላይ ነው። ስለዚህ 3.25 የሚል ማስታወቂያ ስታይ ጊዜህን አታባክንበት። 3.00 ግን በእጅህ ነው። 2.75 የሚሉ ማስታወቂያዎችንም አትለፋቸው፤ ለእነሱ ውጤትህ ዛሬውኑ ይበቃል።

አንድ ኮርስ ውስጥም ያው ቀመር ነው። ኮርሱ 50 ከመቶ ኮንቲኒዩስ አሰስመንት፣ 50 ከመቶ ፋይናል ቢሆን፣ ከ50ው 36 ብትይዝ አማካይህ 72 ከመቶ ነው። ቢ ፕላስ ከ75 የሚጀምር ከሆነ m እና n እኩል ስለሆኑ x = 75 + 1·(75 − 72) = 78 ከመቶ። ፋይናሉ ከ50 ስለሚታረም 39 ማለት ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ 78ን ከ50 ጋር ሲያምታታ አያለሁ። ማርክህ ከስንት እንደተያዘ አስቀድመህ ለይ፣ ከዚያ አስላ። መምህሩ የኮንቲኒዩስ ማርክህን ሲለጥፍ የእያንዳንዱን ኮርስ x አውጥተህ አንድ ወረቀት ላይ ደርድር፤ ለፋይናል የምታጠናበትን ሰዓት በዚያ ዝርዝር መሠረት አከፋፍለው።