ፐርሰንቱ ከስንት ሰው እንደወጣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል

«የዳሰሳ ጥናት ሪፖርት እንድገመግም ተሰጥቶኛል። ያለኝ ሪፖርቱና ስንት ሰው ምን እንደመለሰ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። አማካዩ፣ ሚዲያኑና ፐርሰንቱ ልክ መሆናቸውን በምን ልወቅ?»

ሠንጠረዡ ካለህ ሌላ ነገር አያስፈልግህም። እዚህ ባሕር ዳር የገጠመኝን ልንገርህ።

ጣና ዳር ያሉ ዓሣ አጥማጆችን «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ሐይቅ ገባችሁ?» ብሎ የጠየቀ ትንሽ ጥናት ነበር። ሪፖርቱ «40 ሰው ተጠየቀ» ይላል። አማካይ 3.21፣ ሚዲያን 3.5፣ አራት ቀንና ከዚያ በላይ የገቡት 37 በመቶ።

ሠንጠረዡን ሳልከፍት 40ን ብቻ ይዤ ጀመርኩ። ከ40 ሰው አንዱ 2.5 በመቶ ነው። 14 ሰው 35 በመቶ፣ 15 ሰው ደግሞ 37.5 ይሆናል፤ ይኼ ሲጠጋጋ 38 ነው። 37 የሚባል ቦታ የለውም። አማካዩም እንደዚያው። የሁሉም ቀን ሲደመር ሙሉ ቁጥር መምጣት አለበት፤ ግማሽ ቀን ብሎ የመለሰ የለም። 3.21 በ40 ሲባዛ ግን 128.4 ነው። ድምሩ 128 ቢሆን አማካዩ 3.20፣ 129 ቢሆን 3.225 ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች ከ40 ሰው አልወጡም ማለት ነው።

ከዚያ ሠንጠረዡን አየሁ።

```
ቀን  ሰው
0   2
1   3
2   9
3   10
4   4
5   5
6   5
7   0
```

የሰው ዓምዱ ሲደመር 38 ነው። ሁለት ሰዎች ጥያቄውን ባዶ ትተውታል። 14 ለ38 ሲካፈል 36.8፣ ማለትም 37 በመቶ። ድምሩ 122 ቀን ነው፤ ለ38 ሲካፈል 3.21 ይመጣል። ስሌቱ ልክ ነበር፣ የተሳሳተው የተጻፈው የሰው ቁጥር ነው። ኤክሴል ላይ አማካዩን እንዲህ ታገኘዋለህ፦

```
=SUMPRODUCT(A2:A9,B2:B9)/SUM(B2:B9)
```

ሚዲያኑ ግን እውነትም ስህተት ነው። 38 ሰው ከትንሽ ወደ ትልቅ ቢሰለፍ መሐል ላይ 19ኛውና 20ኛው ይቆማሉ። ከላይ እየደመርክ ውረድ፦ 2፣ 5፣ 14፣ 24። ሁለቱም «3 ቀን» ካሉት ውስጥ ናቸው፤ ሚዲያኑ 3 ነው። 3.5 ከየት መጣ? MEDIAN የተሰጠው ለቀን ዓምዱ ነው። ከ0 እስከ 7 ያሉት የመልስ አማራጮች መሐል 3.5 ነው፤ አንድም ሰው ባይጠየቅ ያው ነበር። ይህን ስህተት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ማንም ያልመረጠው 7 እንኳን ውስጡ ተቆጥሯል፤ እሑድ ሐይቅ የሚገባ አልነበረም።

በማባዛት የመፈተኑ ዘዴ ለትንሽ ጥናት ነው። መላሹ ከ100 ካለፈ ከነጥብ በኋላ ወደ ሁለት አሃዝ የተጠጋጋ ማንኛውም አማካይ ሊገጥም ስለሚችል ምንም አይነግርህም። ያኔ ከሠንጠረዡ መደመር ብቻ ነው ያለው።

ሪፖርቱ ላይ ያረምነው ሁለት ቦታ ነው። ሚዲያኑ 3 ሆነ። ፐርሰንቱና አማካዩ ባሉበት ቀርተው ከጎናቸው «ከ40 ተጠያቂዎች ይህን ጥያቄ የመለሱት 38 ናቸው» ተብሎ ተጻፈ።