60 የ30 ስንት እጥፍ ነው?

ጥያቄ፦ «ዲፌንሴ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አማካሪዬ የሪዛልት ክፍሌን "ቁጥር ብቻ ነው፣ አይነበብም" ብሎ መለሰልኝ። ፒ ቫሊዩ፣ ኦድስ ሬሾና ኮንፊደንስ ኢንተርቫልን አረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ነው የምታስገቡት? እህታችሁ ከኮምቦልቻ።»

አብሽሪ እህቴ፣ ሁለት ሳምንት ይበቃሻል። እኔ ደሴ ላይ ማስተርሴን ስሠራ በዚሁ ጉዳይ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተቃጥያለሁ። የሠራሽው እንደኔ ሎጅስቲክ ሪግሬሽን ይመስለኛል።

1. አረፍተ ነገሩን በቴስቱ ስም አትጀምሪ፣ በሰዎቹ ጀምሪ። ማን ከማን ጋር ተነጻጸረ? ከስንቱ ስንቱ? ልዩነቱና ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ይከተሉ። ፒ ቫሊዩ መጨረሻ ላይ ትምጣ።

2. «እጥፍ» የምትለዋን ቃል ተጠንቀቂያት። እኔን ጉድ ያደረገችኝ እሷ ናት።

ጥናቴ ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኞች የጀርባ ሕመም ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት በደሴ ብርድ ጃኬት ለብሼ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ አውልቄ እይዘዋለሁ። መጠይቁን ራሴ ነኝ ያስሞላሁት። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ላጠጋጋልሽ። ቆመው ከሚሠሩ 100 ሰዎች 60ዎቹን፣ ተቀምጠው ከሚሠሩ 100 ሰዎች ደግሞ 30ዎቹን ጀርባቸውን ያማቸዋል። SPSS በ Exp(B) ሥር 3.5 አወጣልኝ። እኔም «ቆመው የሚሠሩት በጀርባ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው 3.5 እጥፍ ነው (p = 0.000)» ብዬ ጻፍኩ። ከኔ በፊት የነበሩት ሁሉ የሚጽፉት እንደዚያ ነበር።

ዲፌንሱ ላይ ከውጭ የመጡት ፈታኝ ገጹን ገለጡና «60 የ30 ስንት እጥፍ ነው?» አሉኝ። «ሁለት» አልኩ። «ታዲያ 3.5ቱን ከየት አመጣኸው?» ላብ በላብ ሆንኩ። አማካሪዬም ዝም አለ።

መልሱ ይኸው። ኦድስ ማለት የታመሙት ላልታመሙት ሲካፈሉ ነው። ለቆሙት 60/40 = 1.5፣ ለተቀመጡት 30/70 = 0.43 ይመጣል። የሁለቱ ንጽጽር 3.5 ነው። በሕመሙ የመያዝ ዕድል ግን እጥፉ ሁለት ብቻ ነው። ሕመሙ ብርቅ ቢሆን፣ ለምሳሌ 6 እና 3 በመቶ ቢሆን፣ ኦድስ ሬሾው 2.06 ስለሚሆን ስህተቱ አይታይም ነበር። የብዙ ሰው ችግር ሲሆን ግን ቁጥሩ ይጋነናል። አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው (ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም እዚህ በአማርኛ ላስቀምጠው)፦

«ቆመው ከሚሠሩት 60 በመቶው፣ ተቀምጠው ከሚሠሩት ደግሞ 30 በመቶው የጀርባ ሕመም አለባቸው። ልዩነቱ 30 የመቶኛ ነጥብ ነው (95% CI: 17, 43)። ተቀምጠው ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸር የቆሙት ኦድስ 3.5 እጥፍ ነው (95% CI: 1.95, 6.29፣ p < 0.001)።»

«ተቀምጠው ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸር» የሚለውን እንዳትተዪው። ማመሳከሪያው ከተገለበጠ 3.5 የነበረው 0.29 ይሆናል፣ አንባቢም ይጠፋበታል። p = 0.000 ብለሽም አትጻፊ። SPSS ሦስት አሃዝ ብቻ ስለሚያሳይ ነው እንጂ ዜሮ የሆነ ፒ ቫሊዩ የለም። ሠንጠረዡን ከፍተሽ ቁጥሩ ላይ ሁለቴ ብትጫኚ እውነተኛውን ታዪዋለሽ።

3. ሦስተኛው የተስተካከለው ኦድስ ሬሾ ነው። እሱን ያስተማረኝ ያ የባከነ ሴሚስተር ነው። እርማቱን በአሥር ቀን ጨርሼ ነበር እኮ። አንዲት ፊርማ ለማግኘት ቢሮው ስንት ቀን እንዳመላለሰኝ! ጸሐፊዋ ቀና ብላ ሳታየኝ «ነገ ና» ትለኛለች። የምረቃው ቀን አለፈ። እናቴ ልብስ አሰፍታ ነበር።

በዚያ ጊዜ ቁጭ ብዬ የገዛ ሠንጠረዤን እንደ አዲስ አነበብኩት። ዕድሜና የሥራ ዘመን ሲገቡ 3.5ቱ ወርዶ 1.86 ሆኗል (95% CI: 1.01, 3.41; p = 0.046)። እኔ «ሲግኒፊካንት ነው» ብዬ አልፌው ነበር። ግን ታችኛው ጫፍ 1.01 ነው፤ «ልዩነት የለም» ማለት ከሆነው ከ1 የራቀው በ0.01 ብቻ ነው። ላይኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አረፍተ ነገሩን ቀየርኩት፦ «በዕድሜና በሥራ ዘመን ሲስተካከል ግንኙነቱ ቀንሷል። መረጃው ከኢምንት ልዩነት እስከ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ኦድስ ድረስ ይፈቅዳል።» እኚያው ፈታኝ ሁለተኛው ዙር ላይ ከሥሩ አሰመሩበትና «ይኼ ነው» አሉኝ። እስካሁን ያንን ገጽ አስቀምጬዋለሁ።

ዛሬ ማታ SPSS ላይ Crosstabs ግቢ፣ Statistics ውስጥ Risk የሚለውን ምልክት አድርጊበት። ኦድስ ሬሾውንና የዕድሉን እጥፍ ጎን ለጎን ያወጣልሻል። ከተራራቁ «ዕድላቸው» ብለሽ የጻፍሽበትን ቦታ ሁሉ ፈልገሽ «ኦድስ» በይው። መቶኛዎቹን ከፊቱ አስቀምጪ። ከከበደሽ አንዷን አረፍተ ነገር እዚህ ለጥፊያት፣ አይልሻለሁ።